አራት በመቶ ለስንት ዓመት?

ዊልያም ቤንገን በሙያው የካሊፎርኒያ የፋይናንስ አማካሪ ነበር። ወደ አማካሪነት የመጣው የአውሮፕላንና የጠፈር ምሕንድስና ከተማረና በቤተሰቡ የለስላሳ መጠጥ ድርጅት ውስጥ ከሠራ በኋላ ነው። ደንበኞቹ ወደ ጡረታ ሲቃረቡ የሚያሳስባቸው አንድ ጉዳይ ነበር። ካጠራቀሙት ገንዘብ በየዓመቱ ስንት ቢያወጡ በሕይወት እያሉ ባዶ እጃቸውን አይቀሩም? በጊዜው ብዙዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ በአማካይ ላይ የተመሠረተ ነበር። አክሲዮንና ቦንድ በአማካይ ከግሽበት በላይ ይህን ያህል ያተርፋሉ፣ ስለዚህ ትርፉን መብላት ይቻላል ይሉ ነበር። ቤንገን ግን አማካዩን ትቶ የሆነውን ለማየት ወሰነ። ከ1926 ጀምሮ ያለውን የአሜሪካ ገበያ መዝገብ ዘርግቶ፣ አንድ ሰው በዚህ ዓመት ጡረታ ቢወጣ፣ በሚቀጥለውም ቢወጣ፣ በዚያኛውም ቢወጣ ገንዘቡ ስንት ዓመት ይቆየው ነበር እያለ በየተራ አሰላው። ውጤቱን በ1994 አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያገኘው ቁጥር ዛሬ በመላው ዓለም «የአራት በመቶ ሕግ» እየተባለ ይጠራል። ከጥሪቱ ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን በአክሲዮን፣ ቀሪውን በአሜሪካ መንግሥት ቦንድ ያስቀመጠ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የጥሪቱን አራት በመቶ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ባለው ዓመት ሁሉ ያንኑ መጠን በዋጋ ግሽበቱ ልክ ብቻ እያሳደገ ያወጣል። እንዲህ ካደረገ፣ ታላቁን የኢኮኖሚ ድቀት ጨምሮ ቤንገን ባየው ክፉ ጊዜ ሁሉ ገንዘቡ ቢያንስ 30 ዓመት ይዘልቃል። በ1998 በሳን አንቶኒዮ የትሪኒቲ ዩኒቨርሲቲ ሦስት ምሁራን ተመሳሳይ ስሌት ሠርተው ተቀራራቢ ውጤት ላይ ስለደረሱ ቁጥሩ ይበልጥ ታወቀ።

ብዙ ሰው ሕጉን የሚረዳው በየዓመቱ ከቀረው ሒሳብ ላይ አራት በመቶ ማውጣት ነው ብሎ ነው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። አራት በመቶው የሚሰላው አንድ ጊዜ፣ በመጀመሪያው ቀን ነው። አንድ ሚሊዮን ዶላር ያለው ሰው በመጀመሪያው ዓመት 40 ሺህ ያወጣል። ግሽበቱ ሦስት በመቶ ከሆነ በሁለተኛው ዓመት 41,200 ያወጣል። ገበያው ወድቆ አንድ ሚሊዮኑ ሰባት መቶ ሺህ ቢሆንም የሚወጣው ያው 41,200 ነው። ሕጉ ለተጠቃሚው ቋሚ ደመወዝ የመሰለ ኑሮ የሚሰጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

ይህን ቁጥር ከጡረተኞች በላይ የወደዱት ጡረታ ለመውጣት ገና የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ላለፉት አሥራ አምስት ዓመታት ያህል በአሜሪካ «ፋየር» የሚባል እንቅስቃሴ ተስፋፍቷል። ሐሳቡ ከገቢ ግማሽና ከዚያ በላይ እየቆጠቡ፣ በርካሽ ኢንዴክስ ፈንድ እያስቀመጡ በ35 ወይም በ40 ዓመት ዕድሜ ከሥራ መሰናበት ነው። መቼ ይበቃኛል ለሚለው ጥያቄም መልሱን ከቤንገን ወሰዱ። አራት በመቶ ማለት አንድ ሃያ አምስተኛ ስለሆነ የዓመት ወጪህን በ25 አባዛው፣ እዚያ ስትደርስ ልቀቅ ይላሉ። በ40 ሺህ ዶላር የሚኖር ሰው አንድ ሚሊዮን ላይ ሲደርስ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

ቤንገንም ሆነ የትሪኒቲ ምሁራን ግን ያሰሉት ለ30 ዓመት ነው። ጡረታ የወጣው ሰው 65 ዓመቱ ከሆነ 30 ዓመት እስከ 95 ያደርሰዋል፤ በቂ ነው። በእነዚያ ጥናቶች «ተሳካ» የሚባለውም በሠላሳኛው ዓመት መጨረሻ አንድ ዶላር እንኳ ከተረፈ ነው። ለ95 ዓመት አዛውንት ይህ ስኬት ሊባል ይችላል። በ38 ዓመቱ ሥራ የለቀቀ ሰው ግን ያን ጊዜ ገና 68 ዓመቱ ነው። ቤንገን ራሱ ከጊዜ በኋላ ተጨማሪ የሀብት ዓይነቶችን አካቶ ቁጥሩን ወደ 4.7 በመቶ ከፍ አድርጎታል፤ ወጣቶቹም ይህን እንደ ምሥራች ይጠቅሱታል። ያም ቁጥር ቢሆን የተሠራው ለተለመደው የ30 ዓመት ጡረታ ነው።

የረጅሙን ዘመን አደጋ ለማየት አንድ ምሳሌ በቁጥር እንከተል። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት የኮምፒውተር ባለሙያ እናስብ። አሜሪካ በ23 ዓመቷ መጥታ 15 ዓመት ሠርታለች፤ አሁን 38 ዓመቷ ነው። አንድ ሚሊዮን ዶላር አላት፣ ወጪዋ በዓመት 40 ሺህ ነው። ስሌቱ ቀላል እንዲሆን ግሽበቱን አስቀድመን ቀንሰን ሁሉንም በዛሬ ዶላር እንቁጠር፤ ገንዘቧም በየዓመቱ ከግሽበት በላይ አምስት በመቶ ያትርፍላት። በሕይወቷ ሁለት ክፉ ዓመቶች ብቻ ይግጠሟት፣ በእያንዳንዳቸውም ጥሪቷ 20 በመቶ ይቀንስ። ይህ የተጋነነ አይደለም። በ1973 እና በ1974 የአሜሪካ አክሲዮን ግሽበቱ ሲታሰብ ከዚህ የከፋ ወድቋል።

ሁለቱ ክፉ ዓመቶች ሥራ በለቀቀች ማግስት መጡ እንበል። ከአንድ ሚሊዮኑ 40 ሺህ ስታወጣ 960 ሺህ ይቀራታል፤ ገበያው ሲወድቅ 768 ሺህ ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 40 ሺህ ታወጣለች፣ ገበያው እንደገና ይወድቃል፣ 582,400 ይቀራታል። አሁን 40 ሺህ ዶላር የጥሪቷ አራት በመቶ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሰባት በመቶ ገደማ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ገበያው ሳይነቃነቅ በየዓመቱ አምስት በመቶ ቢያተርፍላትም ቀዳዳው አይደፈንም። ገንዘቡ በድምሩ 26 ዓመት አካባቢ ቆይቶ ያልቃል። እሷ ያን ጊዜ 64 ዓመቷ ነው፤ ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሊጀምርላት አንድ ዓመት ይቀራል።

አሁን እነዚያኑ ሁለት ክፉ ዓመቶች ወስደን ከሃያ ዓመት በኋላ እናስቀምጣቸው። ሌላው ሁሉ እንዳለ ነው። በሃያ ደግ ዓመቶች ጥሪቷ ከወጪዋ በላይ እያደገ ወደ 1 ሚሊዮን 264 ሺህ ይደርሳል። ሁለቱ ክፉ ዓመቶች ይመጣሉ፤ ወደ 750 ሺህ ያወርዱታል። ያም ሆኖ ገንዘቡ ከዚያ በኋላ ሌላ 46 ዓመት ይቆያታል፣ ከመቶ ዓመት ዕድሜ በላይ ያደርሳታል። የወደቀው ያው ሁለት ዓመት፣ የወደቀውም በያው መጠን ነው፤ በ26 እና በ68 ዓመት መካከል ያለውን ልዩነት የፈጠረው የመምጫቸው ጊዜ ብቻ ነው። የዘርፉ ሰዎች ይህን የቅደም ተከተል አደጋ ይሉታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ገበያ ሲወድቅ ለዕለት ጉርስ የተሸጠ አክሲዮን ገበያው ሲያገግም አብሮ አያገግምም፤ የለማ።

በታሪክ የዚህ ዓይነት ዕጣ የወጣላቸው በ1966 ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ናቸው። የቤንገንን ቁጥር ወደ አራት በመቶ ያወረደው የእነሱ ዘመን ነው። ገበያው በአንድ ጊዜ አልፈራረሰባቸውም። የዳው ጆንስ መለኪያ በ1966 መጀመሪያ ወደ አንድ ሺህ ተጠግቶ ነበር፤ ያንን ቁጥር ለዘለቄታው ያለፈው በ1982 መጨረሻ ነው። በመካከሉ ዋጋ ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። በ1966 በ40 ሺህ ዶላር ይገዛ የነበረው በ1981 ወደ 112 ሺህ ዶላር ይጠይቅ ነበር። ሕጉ ወጪን በግሽበት ልክ አሳድግ ስለሚል፣ እነዚያ ጡረተኞች ካልጨመረ ሀብት ላይ በየዓመቱ እየጨመሩ ያወጡ ነበር።

እዚህ ላይ ለወጣቱ ጡረተኛ የተለየ አንድ ነገር አለ፤ በእኔ እምነት ከሁሉም በላይ ሊታሰብበት የሚገባው ይህ ነው። በ65 ዓመት ጡረታ የሚወጣ ሰው ቀኑን የሚመርጥለት ዕድሜው ነው። ገበያው ውድም ሆነ ርካሽ ልደቱ አይለወጥም። የ25 እጥፍ ሕግን የሚከተል ወጣት ግን ቀኑን የሚመርጥለት የገበያው ዋጋ ነው። ከዓመታት ቁጠባ በኋላ 800 ሺህ ያለው ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሚሊዮን የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ አክሲዮን ስለወጣለት ነው። ስለዚህ እነዚህ ሰዎች ሥራ የሚለቁት ገበያው በተወደደበት ወቅት ላይ ተከማችተው ነው። በታሪክ ለጡረተኛ የከፉት መነሻዎች፣ 1929፣ 1966፣ 2000፣ ሁሉም አክሲዮን ከድርጅቶቹ ትርፍ አንጻር በጣም ተወዶ የነበረባቸው ናቸው። «ነፃ ወጣሁ» የሚያሰኘው ቀንና አደገኛው ቀን አንድ የመሆን ዕድላቸው ከፍተኛ ነው።

በአትላንታ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የሠራና ራሱም በ2018 በጊዜ ጡረታ የወጣ ካርስተን ጄስክ የተባለ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ይህንኑ ለዓመታት ሲመረምር ቆይቷል። ለ60 ዓመት ያህል ለሚያቅድና ገበያው በተወደደበት ጊዜ ለሚጀምር ሰው ከ3.25 እስከ 3.5 በመቶ አካባቢ ይሻላል የሚል ነው ክርክሩ። ዘመኑ እጥፍ ሲሆን ቁጥሩ በግማሽ አለመውረዱ አንባቢን ይገርም ይሆናል። ምክንያቱ ከላይ ባየነው ምሳሌ ውስጥ አለ። የመጀመሪያዎቹን አሥርና አሥራ አምስት ዓመታት በደህና የተሻገረ ጥሪት ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ በላይ ይኖራል፤ የሚሞተው በለጋነቱ የተመታው ነው።

ሌላው ድክመት ቁጥሩ የአሜሪካ ልጅ መሆኑ ነው። ሃያኛው ክፍለ ዘመን ለአሜሪካ ባለ አክሲዮን ደግ ነበር፤ አገሩ በጦርነት አልፈረሰም፣ ገንዘቡም ዋጋ ቢስ አልሆነም። ዌድ ፋው የተባለ ተመራማሪ በ2010 ያንኑ ስሌት በ17 የበለጸጉ አገሮች ላይ ሞከረው። አራት በመቶ ለ30 ዓመት ሳይከሽፍ የዘለቀው በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በስዊድንና በዴንማርክ ብቻ ነው። ለጃፓናዊ የወጣው አስተማማኝ ቁጥር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም ነበር። ቀጣዮቹ ስድሳ ዓመታት አሜሪካን ከየትኞቹ አገሮች ጎን እንደሚያሰልፏት ዛሬ ማንም ሊናገር አይችልም። የዓለምን አክሲዮን የያዘ ፈንድ መግዛት ይህን ሥጋት በከፊል ያቀልላል።

ወደ ሲልቨር ስፕሪንጓ ባለሙያ እንመለስ፤ ሕጉ ስለ ወጪዋ የሚያስበውም ከኑሮዋ ጋር አይገጥምምና። ሕጉ 40 ሺህዋ ከግሽበት ጋር ብቻ እየጨመረ ስድሳ ዓመት ይሄዳል ይላል። እሷ ግን ሥራ ስትለቅ የአሠሪዋ የጤና መድን አብሮ ይቋረጣል፤ እስከ 65 ዓመቷ ለ27 ዓመት መድን የምትገዛው ከራሷ ኪስ ነው። መንግሥት የሚሰጠው ድጎማ በገቢዋ መጠን ላይ የተመሠረተ ነው፤ ደንቡንም ምክር ቤቱ በየጊዜው ይቀያይረዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚያሰላላት ከፍተኛ ገቢ ያገኘችባቸውን 35 ዓመታት ወስዶ ነው። የሠራችው 15 ስለሆነ ሃያዎቹ ዜሮ ሆነው ይገባሉ። ቀመሩ ዝቅተኛ አማካይ ላለው ስለሚያዳላ ክፍያው በዚያው ልክ አይወርድም፤ ነገር ግን እስከ ጡረታ ዕድሜ ብትሠራ ታገኝ ከነበረው በእጅጉ ያነሰ ነው። 40 ሺህ ስንልም ግብሩን ጨምሮ ነው። ሀብቷን የሚያስተዳድርላት ድርጅት በዓመት አንድ በመቶ የሚያስከፍላት ከሆነ ደግሞ ከአራቱ በመቶ አንዱ ገና ሳይነካ ሄዷል።

ደሴ ያለች እናቷም አለች። ከስደት ኑሮ ጋር የመጣ ወጪ እንደ ኔትፍሊክስ የሚሰረዝ አይደለም፤ የእናት ሕክምና፣ የወንድም ልጅ ትምህርት፣ ለቅሶና ሠርግ ገበያው ወድቋል ብለው አይጠብቁም። እንዲያውም የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ እዚያም የሚጠየቀው ይጨምራል። ይህን ወጪ ስሌቱ ውስጥ በቋሚነት ያላስገባ ሰው በ25 ያባዛው የተሳሳተ ቁጥር ነው።

አገሬ ገብቼ እኖራለሁ፣ በዚያ 40 ሺህ ዶላር ብዙ ነው የሚሉም አሉ። ብዙ ነው፤ ሆኖም ሕጉ የሚያውቀው ግሽበት የአሜሪካንን ነው። ጥሪቱ በዶላር፣ ወጪው በብር ሲሆን የሚወስነው የኢትዮጵያ ዋጋ ከምንዛሪው በላይ ወይም በታች መሮጡ ነው። በ2023 አገር ቤት የዋጋ ንረቱ ወደ 30 በመቶ ገደማ ነበር፤ የባንክ ምንዛሪው ግን በዓመቱ የተነቃነቀው በጥቂት በመቶ ነው። በባንክ ለሚመነዝር ሰው የዶላሩ አቅም በዚያ ዓመት ክፉኛ ተሸርሽሯል። በሐምሌ 2024 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ነገሩ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት የሚሸከም ትርፍ መያዝ ያስፈልጋል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? አንደኛው መንገድ ወጪን ግትር አለማድረግ ነው። ጆናታን ጋይተንና ዊልያም ክሊንገር በ2006 ያቀረቡት ዘዴ በሰፊው ይታወቃል። በየዓመቱ መጀመሪያ የዓመቱን ወጪ ለቀረው ጥሪት ያካፍላሉ። ውጤቱ ከመነሻው መጠን በአንድ አምስተኛ ካለፈ፣ ማለትም አራቱ 4.8 ከተሻገረ፣ ወጪውን በአሥር በመቶ ይቀንሳሉ። በባለሙያዋ ላይ እንሞክረው፤ ክፉዎቹ ሁለት ዓመቶች መጀመሪያ ላይ መጥተዋል። በሁለተኛው ዓመት መጀመሪያ 40 ሺህን ለ768 ሺህ ስታካፍል 5.2 በመቶ ይወጣል፤ ወጪዋን ወደ 36 ሺህ ታወርዳለች። በሦስተኛው ዓመት እንደገና ከመስመሩ በላይ ናት፣ 32,400 ትሆናለች። ገበያው ተመልሶ ማትረፍ ቢጀምርም በአራተኛው ዓመት ወደ 29,160፣ በአምስተኛው ወደ 26,244 ትወርዳለች። ስድስተኛው ዓመት ላይ መጠኑ 4.5 በመቶ ሆኖ መቀነሱ ይቆማል። ጥሪቷም 580 ሺህ አካባቢ ላይ ይረጋና ዳግመኛ ካልተመታ አያልቅባትም።

ገንዘቡ ተረፈ፤ ኑሮዋ ግን በአራት ዓመት ውስጥ በአንድ ሦስተኛ ተቆረጠ። ሥራ ፈልጋ ክፍተቱን መሙላትም ትችላለች። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት በዓመት 15 ሺህ ብቻ ብታገኝና ከጥሪቷ 25 ሺህ ብታወጣ፣ በ64 ዓመቷ ያልቅ የነበረው ገንዘብ እስከ 77 ያደርሳታል፤ የምትሠራባቸው ዓመታትም ከሶሻል ሴኩሪቲው ዜሮዎች አሥሩን ያጠፉላታል። ችግሩ ገበያ የሚወድቅበት ጊዜና ድርጅቶች ሠራተኛ የሚቀንሱበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ አንድ መሆኑ ነው። በሙያዋ ፈቃድ ወይም ግንኙነት ጠብቃ የቆየችና አምስት ዓመት ከዘርፉ የራቀች ሴት እኩል አይቀጠሩም።

ስለዚህ ከመልቀቋ በፊት አንድ ወረቀት ላይ የምትጽፈው ዝርዝር ከየትኛውም በመቶኛ በላይ ይነግራታል። ከ40 ሺህዋ ውስጥ የማይነካው የቱ ነው? ኪራይ ወይም የቤት ግብር፣ የጤና መድን፣ ምግብ፣ ለእናቷ የምትልከው። ይህ ድምር 25 ሺህ ከሆነ ከላይ ያየነውን ቅነሳ ትችለዋለች፤ አራት በመቶም ለእሷ የማይረባ መነሻ አይደለም። ድምሩ 33 ሺህ ከሆነ ግን የምትቆርጠው የላትም፣ አራት በመቶ ለእሷ አልተሠራም። በ3.25 በመቶ ለመጀመር 1 ሚሊዮን 230 ሺህ ያስፈልጋታል። በዓመት 40 ሺህ መቆጠብ ከቀጠለችና ጥሪቷ እንደ ምሳሌያችን አምስት በመቶ ካተረፈ፣ እዚያ ለመድረስ የሚቀራት ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሥራ ነው።